ሰዓቱ ወይስ መጠኑ? የመብራት ሒሳብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በካናዳዋ ኦንታርዮ የሚኖር ቤተሰብ ልብሱን ማሽን ውስጥ ከመክተቱ በፊት ሰዓቱን ያያል። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በሠራው ታሪፍ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 7.6 የካናዳ ሳንቲም ነበር፤ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት ግን 15.8 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። በእንግሊዝም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሌሊት ለሰባት ሰዓታት ያህል ኤሌክትሪክ በርካሽ የሚሸጥበት ታሪፍ አለ፤ ብዙ ቤት የውኃ ማሞቂያውን ሌሊት ያበራና ጠዋት ይታጠብበታል። ውጭ ያለ ዘመድ አገር ቤት ሲደውል «ቦይለሩን ሌሊት አብሩት፣ ልብስም ሌሊት እጠቡ፣ ሒሳቡ ይቀንሳል» ብሎ የሚመክረው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው። ምክሩ ለቶሮንቶና ለለንደን ልክ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላለ ደንበኛ ግን ምክንያቱ አይሠራም፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ስንት እንደተበላ እንጂ መቼ እንደተበላ አይደለምና። ይሁንና ሰዓት በጋይንትም ገንዘብ አለው። ገንዘቡ የሚገኘው ግን ከታሪፉ ሳይሆን ከሙቀት ብክነትና ከቮልቴጅ መውረድ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ በሰዓት የሚለይ ታሪፍ ቢመጣ እንኳ መኖሪያ ቤት መነሻው ሊሆን አይገባም።

መጀመሪያ ያለውን ታሪፍ እንይ። በታኅሣሥ 2011 ተጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ያደገው ማሻሻያ በታኅሣሥ 2014 መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ አንዱ በ27 ሳንቲም ገደማ (0.273 ብር) ቆየ። እስከ 100 ያለው እርከን 0.767፣ እስከ 200 ያለው 1.625፣ እስከ 300 ያለው 2 ብር ሆነ፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.481 ብር ደረሰ። ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ የሚያድግ ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ ስለመጣ ዛሬ የሚከፈለው ከዚህ ይበልጣል። ቢሆንም አንባቢ በእጁ ሊያሰላ የሚችለው ቋሚ ቁጥር ስለሚያስፈልግ እዚህ በ2014ቱ ዋጋ እናሰላለን፤ ዋጋው የሚወሰነው በፍጆታ እርከን መሆኑ በአዲሱም አልተለወጠም። ከመጀመሪያው እርከን እስከ መጨረሻው ዋጋው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰዓቱ ግን የትም የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት የበራ ምድጃና ከሌሊቱ 8 ሰዓት የበራ ምድጃ እኩል ይከፈልባቸዋል።

በሰዓት የሚለይ ዋጋ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1998 የወጣው ታሪፍ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ይህን ፈቅዶ ነበር። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ኢንዱስትሪ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት 0.7426 ብር፣ በሌላው ሰዓት 0.5434 ብር ይከፍል ነበር፤ አማካዩ ደግሞ 0.5778 ነበር። ከአማካዩ ወደ ኋላ ብናሰላ፣ ታሪፉን ያዘጋጁት ሰዎች ከፍጆታው 17 በመቶ ያህሉ በከባድ ሰዓት እንደሚውል ገምተው እንደነበር ይወጣል፤ ቀን ከሌሊት እኩል ለሚሠራ ድርጅት ይህ በቀን አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት 37 በመቶ ነበር፤ በኦንታርዮ ግን ውዱ ዋጋ የርካሹ እጥፍ ይሆናል። የቤት ደንበኛ ያኔም ይህ ዕድል አልነበረውም፤ ሰባት የፍጆታ እርከን ብቻ ነበረው። ስለዚህ «በሰዓት ቢለይ ምን ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ ከሌላ አገር ቁጥር መበደር አያስፈልግም። የራሳችንን የ37 በመቶ ልዩነት ወስዶ በነፋስ መውጫ ቤት ላይ መሞከር ይበቃል።

ነፋስ መውጫ ከጉና አጠገብ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርድ የማይለቃት ከተማ ናት። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ 15 ዲግሪ ነው እንበል። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ይህን ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ማሞቂያው 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ሥራው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይወስዳል። በየቀኑ ከሞቀ በወር 78 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቦይለር ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በላይ ስለሚጠቀም በ1.625 እናስላው፤ ወሩ 127 ብር ይሆናል። አሁን በዚህ ዋጋ ላይ የ1998ቱን ልዩነት እንጫንበት። ከባዱ ሰዓት 2.09 ብር፣ ሌላው 1.53 ብር ይሆናል። ውኃውን ሁሉ በምሽት ከባድ ሰዓት ያሞቅ የነበረ ቤት ሙሉ በሙሉ ወደ ሌሊት ቢያዞረው የሚያተርፈው በወር ወደ 44 ብር ነው። ይህ ጣሪያው ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የሞቀ ውኃ ጠዋት 2 ሰዓት እስኪታጠቡበት ስድስት ሰዓት ይቆያል፤ ቦይለሩም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙቀቱን ለክፍሉ ብርድ ይሰጣል። አንድ ተራ ቦይለር ሳይነካ ቢያድር በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያባክናል ብንል፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ጠፋ ማለት ነው፤ ከዕለቱ ትርፍ ሩብ የሚሆነው በዚሁ ይሄዳል። የቀረው በወር ከ32 እስከ 33 ብር ነው።

ይህንን ዛሬ፣ ያለ አዲስ ታሪፍና ያለ አዲስ ቆጣሪ፣ ቦይለሩን በአግባቡ ከማጥፋት ከሚገኘው ጋር እናስተያየው። ቀን ከሌሊት በርቶ የሚቆይ ቦይለር በቀን የሚያባክነው አንድ ኪሎዋት ሰዓት በወር 30 ነው። ከመታጠቢያው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ብቻ የሚያበራ ቤት ከዚህ 25 ያህሉን ያተርፋል፤ በ1.625 ሲባዛ 40 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በሰዓት የሚለይ ታሪፍ ሊያመጣ ይችል ከነበረው ትርፍ የሚበልጠው አሁን በእጅ አለ። ብክነቱን ለማወቅም መሣሪያ አያስፈልግም። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ፣ ሰው ውኃ ሳይቀዳ፣ ቦይለሩ ሞቆ ካበቃ በኋላ ቆጣሪውን ማንበብና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደግሞ ማንበብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማንም ያልተጠቀመበት የሙቀት ዋጋ ነው። ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ከደረሰ የቦይለሩ መሸፈኛ ተበላሽቷል ወይም የሞቀው ቧንቧ ይንጠባጠባል።

ስለ ልብስ እጥበት ብዙ የሚባል የለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልብስ በአብዛኛው በሳፋ በእጅ ወይም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ኤሌክትሪኩ ዜሮ ነው። ማሽን ያለው ቤትም በቀዝቃዛ ውኃ ካጠበ በአንድ ዙር የሚበላው ከሁለት አስረኛ ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ዋጋው የሚመጣው ውኃ ሲያሞቅ ነው፣ ያኔ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በወር ስምንት ጊዜ ሞቅ አድርጎ የሚያጥብ ቤት ሁሉንም ከከባድ ሰዓት ቢያወጣ ከላይ በወሰድነው ልዩነት የሚያተርፈው 4 ብር ተኩል ነው። ውኃውን ሳያሞቅ ቢያጥብ በ2014ቱ ታሪፍ ከ10 ብር በላይ ያተርፋል። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

በእነዚህ ወረዳዎች ከተሞች ሒሳብ የሚያከብደው ዕቃ ምጣዱ ነው፤ ሰዓትም ከሁሉ በላይ የሚነካው እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። አንድ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በሦስት ፌዝ የተከፈለ ስለሆነ በአንዱ ፌዝ ላይ ዘጠኝ ምጣድ ሲበራ ጭነቱ ሞላ ማለት ነው፤ አሥረኛው ሲጨመር የሁሉም ኃይል ይደክማል። ከትራንስፎርመሩ በራቀና ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ድካሙ ይብሳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኃይል የሚቀንሰው በአምስተኛ አይደለም፤ ኃይሉ የቮልቴጁን ካሬ ስለሚከተል በሦስተኛ ቀንሶ ወደ 2.3 ኪሎዋት ይወርዳል። ሰው «ታዲያ ቆጣሪውም ዝግ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ምን እጎዳለሁ?» ሊል ይችላል። የሚጎዳው ምጣዱ በኃይሉ ጥንካሬም ሆነ በድካሙ ጊዜ ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ስለሆነ ነው። ለአየር የሚሄደው አንድ ኪሎዋት ነው እንበል። በሙሉ ኃይል 2.5 ኪሎዋት ለእንጀራው ይተርፋል፤ በደከመው ኃይል ግን 1.3 ብቻ። ስለዚህ ጋገራው ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይረዝማል፣ ቆጣሪውም በመጨረሻ ሩብ ያህል ጨምሮ ይቆጥራል። በደህና ሰዓት 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚበቃው ጋገራ በድካም ሰዓት ከ6 በላይ ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጋግር ቤት ይህ በወር 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ1.625 ደግሞ 16 ብር ነው። ምልክቱን የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። ምጣዱ ለማሰሻ ሳይደርስ ይዘገያል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዓይን አያወጡም፣ ሊጡ ከመብሰሉ በፊት ይደርቃል። ይህ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት የሚደጋገም ከሆነ ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም። ያ ቤት ጋገራውን ወደ ረፋድ ወይም ወደ ቀትር ቢያዞረው ሒሳቡ ይቀንሳል፣ ምንም እንኳ በታሪፉ ላይ ሰዓት የሚል ቃል ባይኖርም።

ከሰዓት ሁሉ የሚበልጠውን ገንዘብ ግን የሚወስነው ቆጣሪው የስንት ቤተሰብ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በወረዳ ከተሞች አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ተከራይ በአከራዩ ቆጣሪ መጠቀሙ የተለመደ ነው። እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሦስት ቤተሰቦች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ናቸው፤ የሦስቱ የኢነርጂ ሒሳብ በድምሩ 37 ብር አይሞላም። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ፍጆታው 135 ይሆናል። እያንዳንዱ እርከን በራሱ ዋጋ ብቻ ይታሰብ ብንልና እጅግ ለዘብተኛውን ስሌት ብንወስድ እንኳ 109 ብር ይጠጋል። ሦስት እጥፍ ነው። ለደኸየው ደንበኛ የተቀመጠው 27 ሳንቲም ከዚያ ግቢ ውስጥ አንዱን ቤተሰብ ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ ተከራዩ ግን ድርሻውን ሲያዋጣ የሀብታም ቤት እርከን ይከፍላል። ተመሳሳይ ነገር የቆጣሪ ንባብ ሲዘገይም ይመጣል። የ40 ወይም የ50 ቀን ፍጆታ እንደ አንድ ወር ከተያዘ ያልበላው ቤት ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ያለፈውንና ያሁኑን ንባብ፣ በመካከላቸውም ያለውን ቀን መቁጠር ይህን ያሳያል፤ አቤቱታም የሚቀርበው በዚህ ማስረጃ ነው።

በሰዓት ለሚለይ ታሪፍ የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ያ ሁሉ ምጣድ በአንድ ሰዓት ስለሚበራ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ፊውዝ ይበጠሳል፤ ዋጋው በሰዓት ቢለይ ሰው ራሱ ይበተናል ይላሉ። ችግሩን በትክክል አይተውታል። የሌሎች አገሮች ታሪፍ የተሠራበት ምክንያት ግን ሌላ መሆኑ መታወቅ አለበት። እንግሊዝ ሌሊት ርካሽ ያደረገችው ሌሊት ሊጠፉ የማይመቹ የድንጋይ ከሰልና የኒውክሌር ጣቢያዎች ስለነበሯት ነው፤ ያ ኃይል ካልተሸጠ ይባክናል። የኢትዮጵያ ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ነው። በጣና ውኃ የሚሠራው 460 ሜጋዋቱ በለስም ሆነ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ግድብ ሌሊት ያልተጠቀመበትን ውኃ ለማግስቱ ያቆያል። ስለዚህ እዚህ ሌሊት የሚመነጭ ኃይል ከቀኑ እምብዛም ርካሽ አይደለም። ሰዓት ዋጋ የሚኖረው በማከፋፈያው ጫፍ፣ በመስመሩና በትራንስፎርመሩ ላይ ነው። ሕዳሴ ስለተመረቀ የሰዓት ጉዳይ ቀረ የሚለውም ከዚሁ የተነሣ አይሠራም፤ ግድቡ የነፋስ መውጫን የሰፈር ትራንስፎርመር አያሰፋውም።

ታዲያ ለምን በቤት አይጀመርም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ድሃው ቤት ነው። መብራት፣ ስልክ ቻርጅ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ቤት በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ ከዚህ 70 በመቶው ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢውል አይገርምም፤ ሲጨልም አምፖል ይበራል፣ ሰው ቤት ይገባል። የ1998ቱ ልዩነት በዚህ ቤት ላይ ቢጫን ሒሳቡ 18 በመቶ ይጨምራል፣ ሊያዞረው የሚችለው ጭነት ግን የለውም፤ አምፖልን ወደ ሌሊት 8 ሰዓት ማዞር አይቻልምና። የሚያተርፈው ቦይለርና ማሽን ያለው ቤት ነው። ሁለተኛው ምክንያት መቆራረጡ ነው። ኃይል ሲጠፋ ውሎ ማታ በሚመጣበት አካባቢ ሰዓቱን የሚመርጠው ደንበኛው አይደለም። ሊጡ እንዳይኮመጥጥ መብራት በመጣ ጊዜ ይጋገራል፤ በዚያ ሰዓት ዋጋው ውድ ቢሆን ቤተሰቡ ላልመረጠው ሰዓት ይቀጣል። ኃይል ተመልሶ ሲመጣም ቦይለሩ፣ ምጣዱና ማቀዝቀዣው ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚነሡ ትራንስፎርመሩ የሚጎዳው በተለይ ያኔ ነው፤ ይህን የሚያቃልለው ዋጋ ሳይሆን ቦይለርና ምጣድ ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገስ ነው።

ሰዓት ዋጋ ቢኖረው የሚጠቅመው ሌላ ደንበኛ አለ፤ በወረታ–ወልድያ መንገድ ዳር ያለው ፔንሲዮንና የከተማው ወፍጮ ቤት። አሥር ክፍል ያለው ፔንሲዮን በየክፍሉ 50 ሊትር ቦይለር ቢኖረው፣ ሁሉም አብረው ሲበሩ 15 ኪሎዋት ነው፤ ይህ ከአራት ምጣድ ይበልጣል። የሚከፍለውም በንግድ ታሪፍ ነው፤ በ2014ቱ ሰንጠረዥ ጥቂትም ብዙም ቢጠቀም አንዱ 2.124 ብር። ቦይለሮቹ ቀን ከሌሊት ከበሩ እንግዳ ያልነካው ብክነት ብቻ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት፣ 637 ብር ይሆናል። እዚህ የሰዓት መቆጣጠሪያ ማብሪያ በየቦይለሩ ቢገጠምና አምስቱ ሌሊት 9 ሰዓት፣ አምስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢበሩ ብክነቱ አብዛኛው ይቀራል፣ የአንድ ጊዜ ጭነቱም ከ15 ወደ 7.5 ኪሎዋት ይወርዳል። ወፍጮውም ቢሆን ሞተሩን ከምሽት ይልቅ ቀን ማዞር አይቸግረውም፤ እህል ይጠብቃል፣ ደንበኛም ገበያ ቀን ቀድሞ ይመጣል። እነዚህ ደንበኞች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ጭነታቸው ከባድ፣ ሒሳባቸውንም በየወሩ የሚያዩ ናቸው። በሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ለእነሱ በፈቃደኝነት ቢሰጥ የቆጣሪው ዋጋ በትርፉ ይመለሳል፤ በሁለት አምፖል ለሚኖር ቤት ግን መቼም አይመለስም። ለዚያ ቤት የሚበጀው የራሱን ቆጣሪ አግኝቶ በ50ው እርከን ውስጥ መቆየቱ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፌዞችም ጭነታቸው እንዲመጣጠን ተደርጎ ቮልቴጁ ከ200 በታች እንዳይወርድ መጠበቁ ነው።